ቤተ ጊዮርጊስ በ3,000 ሦስት ማዕዘን

«ሲቲስ፡ ስካይላይንስ 2» የተሰኘው የከተማ ግንባታ ጌም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ለገበያ ሲቀርብ፣ ውድ የግራፊክስ ካርድ የገዙ ተጫዋቾች ሳይቀሩ ምስሉ እየተንቀረፈፈ አማረራቸው። ነገሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ የጌሙን ፋይሎች የፈታተሹ ሰዎች ያገኙት ብዙ አነጋገረ። ከሰማይ ሆኖ ከተማውን ለሚቃኝ ተጫዋች በጭራሽ የማይታዩት የነዋሪዎቹ ጥርሶች በጥንቃቄ ተቀርጸው ተቀምጠዋል። ጌሙን የሠራው ኮሎሳል ኦርደር የተባለው የፊንላንድ ስቱዲዮም ገጸ ባሕርያቱ ከርቀት ሲታዩ የሚተኳቸው ቀለል ያሉ ቅጂዎች እንደሚጎድሏቸውና ይህም ፍጥነቱን እንደጎዳው በይፋ ገለጸ።

በጌም ውስጥ የሚታይ ማንኛውም ነገር፣ ሰውም ሆነ ድንጋይ፣ ከሦስት ማዕዘኖች የተሰፋ ባዶ ቅርፊት ነው። ባለሙያዎቹ ፖሊጎን የሚሉትም በመጨረሻ ወደ ሦስት ማዕዘን ተሰብሮ ነው ወደ ግራፊክስ ቺፑ የሚሄደው። ቺፑ እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ስክሪኑ ላይ የት እንደሚያርፍ ያሰላል፣ ከዚያ ውስጡን በቀለም ይሞላል። ይህን ሁሉ በሰከንድ 30 ጊዜ መድገም ስላለበት ለአንድ ምስል ያለው ጊዜ 33 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በሰከንድ 60 ምስል የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ ወደ 17 ሚሊሰከንድ ይወርዳል።

ስለዚህ አንድ ሕንፃ ለጌም ሲሠራ ገና ከመጀመሪያው ሁለት ነገር ይወሰናል። አንደኛው ሕንፃው ስንት ሦስት ማዕዘን ይፈቀድለታል የሚለው ነው፤ ይህ የፖሊጎን በጀት ይባላል። ሁለተኛው ተጫዋቹ ሲርቅ ሕንፃውን የሚተኩት ቀለል ያሉ ቅጂዎች ስንትና ምን ዓይነት ይሁኑ የሚለው ነው፤ ሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች እነዚህን ኤልኦዲ ይሏቸዋል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ጄምስ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ስክሪኑ ላይ ጥቂት ቦታ ብቻ ለሚይዝ ነገር ዝርዝሩ የበዛ ሞዴል መጠቀም ብክነት መሆኑን አሳይቶ ነበር። በ1996 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ 64» ውስጥም ካሜራው ሲርቅ ማሪዮ ጥቂት ሦስት ማዕዘን ባለው ሌላ ማሪዮ ይተካል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ጥሩ መፈተኛ ነው። ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ፣ እኩል ክንዶች ባሉት መስቀል ቅርጽ የቆመ፣ ስፋቱም ቁመቱም ወደ 12 ሜትር የሚጠጋ ቤተ ክርስቲያን ነው። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ በሦስት አቅጣጫ መዝግቧል። እንዲህ ያለ ልኬት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦችን ይይዛል፤ ለጥገናና ለጥናት የሚፈለገውም እንዲህ ያለው ነው። በስልክ ላይ ለሚሠራ ጌም ግን እንዳለ አይሆንም። ለጌም የሚሆነው ቤተ ጊዮርጊስ ልኬቱን እንደ መመሪያ ይዞ ከባዶ እንደገና የሚገነባ ነው።

በጀቱ የሚጀምረው ከሕንፃው ሳይሆን ከስልኩ ነው። ጌሙ መካከለኛ አቅም ባለው ስልክ ላይ በሰከንድ 30 ምስል እንዲያሳይ ታስቦ፣ በአንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ለሚታየው ሁሉ 150,000 ሦስት ማዕዘን ተመደበ እንበል። ከዚህ ላይ ገጸ ባሕርያቱ፣ ዛፎቹ፣ አለቱና ቤተ ክርስቲያኑ የቆመበት ጉድጓድ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ጭስ፣ አቧራና ጥላም አሉ። ጥላ በተለይ ይረሳል፤ ሕንፃው ጥላ የሚጥል ከሆነ ቺፑ ያንኑ ሕንፃ ለጥላው ብሎ ቢያንስ አንድ ጊዜ ደግሞ ስለሚስለው ወጪው በእጥፍ ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ታስቦ ለቤተ ጊዮርጊስ 3,000 ሦስት ማዕዘን ይሰጠዋል።

3,000 ለሕንፃው ይበቃል ወይ? መልሱ የሚገኘው አንድ በአንድ በመቁጠር ነው። እኩል ክንድ ያለው መስቀል 12 ማዕዘንና 12 ጎን አለው። ስለዚህ ሕንፃው 12 ግድግዳ ይኖረዋል። እያንዳንዱ ግድግዳ አራት ማዕዘን በመሆኑ በሁለት ሦስት ማዕዘን ይሸፈናል፤ ድምሩ 24 ነው። ባለ 12 ማዕዘኑ ጣሪያ 10 ሦስት ማዕዘን ይፈልጋል። ወለሉ መሬት ላይ ስለሚያርፍና ማንም ስለማያየው አይሠራም። እንግዲህ የቤተ ጊዮርጊስ አካል ከሩቅ እንዲለይ የሚያደርገው መሠረታዊ ቅርጽ በጠቅላላው 34 ሦስት ማዕዘን ነው። ቀሪው በጀት ለዝርዝሩ ነው ማለት ነው።

ከዝርዝሩ ቀላሎቹ ይቀድማሉ። ሕንፃው የቆመበት ባለ ሦስት እርከን መደብ አለ። አንዱ እርከን በየግድግዳው ሥር አንድ ቋሚና አንድ አግድም ፊት ስላለው 48 ሦስት ማዕዘን ይወስዳል፣ ሦስቱ 144 ይሆናሉ። ግድግዳውን ዙሪያውን የሚከፋፍሉት ወጣ ያሉ አግድም ጠርዞች አሉ። ሁለት ተደርገው ሲሠሩ ላይ፣ ፊትና ታች እየታየላቸው እነርሱም 144 ይወስዳሉ። ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹት ሦስት መስቀሎች ደግሞ በተመሳሳይ ስሌት 216 ናቸው።

ትልቁ ወጪ መስኮቶቹ ናቸው። በታችኛው ረድፍ ዘጠኝ ድፍን መስኮቶች አሉ። መቃናቸው የአክሱምን አሠራር የተከተለ ነው፤ በአራቱም ማዕዘን በተለምዶ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት የእንጨት ጫፍ አምሳያዎች ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ። ሦስቱ በሮች ሲጨመሩ በየግድግዳው ሥር አንድ አንድ ይደርሳል። በሞዴሉ ላይ መቃኑ 24፣ አራቱ የዝንጀሮ ራሶች 40፣ ድፍኑ ገጽ 2 ሦስት ማዕዘን ይወስዳሉ። ይህ ለአንዱ 66፣ ለአሥራ ሁለቱ 792 ነው። በላይኛው ረድፍ ያሉት 12 መስኮቶች ግን ሹል ቅስት አላቸው፤ ቅስት ደግሞ ኩርባ ስለሆነ ውድ ነው። ዙሪያው በ16 ነጥብ ከተሠራ አንዱ መስኮት 110፣ ሁሉም 1,320 ሦስት ማዕዘን ይበላሉ። ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉ ለ12 ቅስቶች ሄደ ማለት ነው።

ድምሩ 2,650 ሆነ። በዚህ ላይ 12ቱ ቋሚ ማዕዘኖች እንደ ምላጭ የሰላ መልክ እንዳይኖራቸው ጠርዛቸው በትንሹ ይገረዛል። አለት ለዘመናት ሲቆይ ማዕዘኑ ይዶለዱማል፣ ብርሃንም በዚያች ጠባብ ገጽ ላይ አርፎ ቅርጹን ያጎላዋል። ለእያንዳንዱ ማዕዘን ሁለት ሦስት ማዕዘን፣ በድምሩ 24 ተጨምሮ ሕንፃው 2,674 ላይ ቆመ። ቅስቶቹ ላይ የተቀረጸው ቅጠላ ቅጠል፣ የአለቱ ስንጥቅና ቢጫ ሽበቱ በቅርጽ አይሠሩም። እነርሱ በቴክስቸር ይሳላሉ፣ ጉድጉዳቸውና እብጠታቸው ደግሞ ኖርማል ማፕ በሚባለው፣ ብርሃኑ በየነጥቡ በየት በኩል እንደሚነጥር በቀለም በሚመዘግብ ሥዕል ይታያል። አሥራ ሁለቱ መስኮቶች አንዱን የቴክስቸር ቦታ ይጋሩታል፤ ስለዚህ አንድ መስኮት ብቻ በጥሩ ሁኔታ መሳል ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ቁጥር አለ። ሞዴል ሠሪው የሕንፃውን መሠረታዊ አካል ሲቆጥር 24 ነጥቦች ያገኛል፦ 12 ከላይ፣ 12 ከታች። ቺፑ የሚቆጥረው ግን 60 ነው። አንድ ማዕዘን ላይ የሚገናኙት ግድግዳዎች ወደተለያየ አቅጣጫ ስለሚያዩ ብርሃን የሚቀበሉትም በተለያየ መንገድ ነው። ስለዚህ ያችው ነጥብ ለእያንዳንዱ ግድግዳ አንዴ፣ ለጣሪያውም አንዴ ትመዘገባለች። ቴክስቸሩ የሚቆረጥበት ቦታም እንዲሁ ነጥብን ያባዛል። በጀቱን የጠበቀ የመሰለ ሕንፃ ስልክ ላይ ከብዶ ሲገኝ ከሚፈተሹት የመጀመሪያዎቹ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ሌላው የማቴሪያል ብዛት ነው። ግድግዳው አንድ፣ መስኮቱ ሌላ፣ በሩ ሌላ ማቴሪያል ከያዘ ስልኩ አንዱን ሕንፃ በሦስት ትእዛዝ ይስለዋል። ትእዛዙ በበዛ ቁጥር የሚጨናነቀው ደግሞ ግራፊክስ ቺፑ ሳይሆን ዋናው ፕሮሰሰር ስለሆነ፣ ሦስት ማዕዘን መቀነሱ ምንም አይፈይድም። ቤተ ጊዮርጊስ ሙሉ በሙሉ በአንድ ማቴሪያልና በአንድ ቴክስቸር የሚሠራው ለዚህ ነው።

መስኮቶቹ ግድግዳው ተቀዶ አልገቡም፤ በላዩ ላይ ነው የተለጠፉት። ይህ ግድግዳውን በሁለት ሦስት ማዕዘን ብቻ ለማቆየት ይረዳል፣ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ድፍኑ ገጽ ከግድግዳው በአንድ ሴንቲሜትር ብቻ ከራቀ፣ ከሩቅ ሲታይ ቺፑ የትኛው ከፊት የትኛው ከኋላ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሁለቱ ገጾች እየተፈራረቁ ይብለጨለጫሉ። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው ክፍተቱን ወደ አምስት ሴንቲሜትር ማስፋት ነው። ሁለተኛው ካሜራው ማየት የሚጀምርበትን የቅርብ ርቀት ከአንድ ሴንቲሜትር ወደ 30 ሴንቲሜትር ያህል ማራቅ ነው፤ የርቀት መለኪያው ትክክለኛነት በአብዛኛው እዚያ ቅርብ ቦታ ላይ ስለሚባክን፣ ይህች ለውጥ ብቻዋን ብዙ ታስተካክላለች።

ሕንፃው ከተጠናቀቀ በኋላ ወደ ቅጂዎቹ ይኬዳል። የመጀመሪያው ጥያቄ ርቀት እንዴት ይለካል የሚለው ነው። ዩኒቲና አንሪያል የተባሉት ታዋቂ የጌም ሞተሮች በሜትር ሳይሆን ሕንፃው ከስክሪኑ ላይ በሚይዘው ድርሻ ነው የሚያሰሉት፤ ምክንያቱም ዓይን የሚያየው ፒክስል እንጂ ሜትር አይደለም። በዩኒቲ ድርሻው ከስክሪኑ ቁመት አንጻር ይወሰዳል። ቀመሩ ይህ ነው፦

```
p = h / (2 * d * tan(fov / 2))
```

`h` የሕንፃው ቁመት፣ `d` ከካሜራው ያለው ርቀት፣ `fov` ካሜራው ከላይ እስከ ታች የሚያይበት ማዕዘን ነው። ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ከሆነ 12 ሜትር የሚረዝመው ቤተ ጊዮርጊስ ከ25 ሜትር ርቀት ላይ የስክሪኑን ቁመት 42 በመቶ ይይዛል። ከ60 ሜትር 17 በመቶ፣ ከ120 ሜትር ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። የስክሪኑ ቁመት 1,080 ፒክስል ቢሆን በ120 ሜትር ርቀት ላይ መላው ቤተ ክርስቲያን 94 ፒክስል ብቻ ነው።

የመቀያየሪያው ርቀት የሚመረጠው ከዚህ ነው። ከግድግዳው 10 ሴንቲሜትር ወጣ ያለ መቃን ከ25 ሜትር ሲታይ ወደ አራት ፒክስል ይጠጋል፤ ዓይን ያየዋል። ከ60 ሜትር አንድ ተኩል ፒክስል ይሆናል፤ ቅርጽ መሆኑ ቀርቶ ጥላ ብቻ ነው። ከ120 ሜትር ከአንድ ፒክስል ያንሳል። አንድ ዝርዝር ወደ አንድ ፒክስል ገደማ ሲወርድ ከቅርጽ ወጥቶ ወደ ቴክስቸር ይዛወራል። ሦስት ማዕዘኑን እዚያ ማቆየት ዋጋ ማጣት ብቻ ሳይሆን ጉዳትም አለው። ግራፊክስ ቺፖች ቀለም የሚሞሉት ሁለት በሁለት በሆነ የፒክስል ጥቅል ነው። ሦስት ማዕዘኑ አንዲት ፒክስል ብቻ ቢነካም የአራት ፒክስል ሥራ ይሠራል። ደቃቅ ሦስት ማዕዘኖች በተጠጋጉ ቁጥር ያችው ቦታ ደጋግማ ትሰላለች፣ ጠርዙም ካሜራ ሲንቀሳቀስ እየተርገበገበ ያስቸግራል።

በዚህ መሠረት ሁለተኛው ቅጂ፣ ማለትም `LOD1`፣ የዝንጀሮ ራሶቹን ወደ ኖርማል ማፕ አዛውሮ የታችኞቹን መስኮቶችና በሮች ከ66 ወደ 26 ያወርዳል። የላይኞቹ ቅስቶች ከ16 ነጥብ ወደ 8 ይወርዱና እያንዳንዳቸው 54 ይሆናሉ። የተገረዙት ማዕዘኖችም ይቀራሉ። ድምሩ 1,498፣ ከመጀመሪያው ግማሽ በትንሹ የሚበልጥ ነው። `LOD2` ላይ መስኮቶቹና አግድም ጠርዞቹ ሙሉ በሙሉ ወደ ሥዕል ይለወጣሉ፣ ሦስቱ እርከኖች አንድ ይሆናሉ፣ የጣሪያው መስቀሎች ግን ሳይነኩ ይቆያሉ፤ 298 ሦስት ማዕዘን። የመጨረሻው `LOD3` መሠረታዊው አካል ብቻ ነው፤ 34።

ይህን ሁሉ በእጅ መሥራት ለምን ያስፈልጋል? ነፃው ብሌንደር ሶፍትዌር `Decimate` የሚል መሣሪያ አለው፤ ሞዴሉን ሰጥተው «ግማሹን ቀንስ» ቢሉት በሰከንድ ውስጥ ይቀንሳል። ከዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ጀርባ ያለው ስሌት ማይክል ጋርላንድና ፖል ሄክበርት እ.ኤ.አ. በ1997 ካቀረቡት ዘዴ ጋር ይዛመዳል። አንድ ነጥብ ቢጠፋ ገጹ ከቀድሞ ቦታው ምን ያህል ይርቃል ብሎ ያሰላል፣ ትንሽ የሚያርቀውን ያስቀድማል። ለተፈጥሮ አለትና ለዛፍ ግንድ ጥሩ ይሠራል። ለቤተ ጊዮርጊስ ግን አደገኛ ነው። የጣሪያው መስቀሎች ከገጹ ብዙም ከፍ አይሉም፤ ስለዚህ ስሌቱ እንደ ርካሽ ቆጥሮ ቀድሞ ሊበላቸው ይችላል። ቀጥ ያሉ ግድግዳዎችና እኩል ክንዶችም ተዛብተው ይወጣሉ፣ ቴክስቸሩ ተጎትቶ ይጣመማል። መሣሪያው መስቀሉ የሕንፃው መታወቂያ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ቤተ ጊዮርጊስን ከሌላ ሕንፃ የሚለየው ነገር የሚመጣው እዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጉድጓድ ውስጥ ነው የቆመው፤ ጣሪያው ከአካባቢው መሬት ጋር ይቀራረባል። በሞዴሉ ላይ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ግድግዳው ያለው ክፍተት 6 ሜትር፣ ጣሪያው ከአፉ እኩል፣ የተጫዋቹ ዓይን ከመሬት 1 ሜትር ከ70 ቢሆን፣ ከአፉ 2 ሜትር ርቆ የቆመ ተጫዋች ከግድግዳው ላይኛውን 5 ሜትር ያህል ያያል። 20 ሜትር ወደኋላ ቢያፈገፍግ የጉድጓዱ ጠርዝ ዓይኑን ስለሚጋርደው የሚታየው የላይኛው ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። የታችኞቹ መስኮቶች ጨርሶ አይታዩም። የላይኞቹም ቅስታቸው ከዚያ መስመር በታች ይውላል።

ስለዚህ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ብቻ የሚሄድበት ጌም ከሆነ `LOD1` አያስፈልግም። ለ648 የቅስት ሦስት ማዕዘንና ለ312 የመቃን ሦስት ማዕዘን የሚከፈለው፣ ማንም በማያይበት ርቀት ነው። ከ2,674 በቀጥታ ወደ 298 ቢወረድ ልዩነቱን የሚያውቅ የለም፣ የጣሪያው መስቀሎች እስካሉ ድረስ። ካሜራው የሚበር ከሆነ ወይም ተጫዋቹ በዙሪያው ካለ ከፍታ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ ከሆነ ግን ግድግዳዎቹ ከሩቅም ይታያሉ፤ ያኔ `LOD1` ቦታውን ይመልሳል። አራት ኪሎ ላይ የቆመ አንድ ፎቅ ቤት ተመሳሳይ ቁመት ቢኖረው እንኳ የበጀት አከፋፈሉ የተገላቢጦሽ ይሆናል። እዚያ ከመንገድ የሚታየው ፊቱ እንጂ ጣሪያው አይደለም፣ ስለዚህ በመጀመሪያ የሚቀነሰው የጣሪያው ዝርዝር ነው።

ቅጂዎቹ ወደ ጌም ሞተሩ ሲላኩ ስማቸው ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። ዩኒቲ በአንድ ፋይል ውስጥ ስማቸው እንዲህ የሚያልቅ ሞዴሎችን ሲያገኝ ራሱ አደራጅቶ ይቀበላቸዋል፦

```
Giyorgis_LOD0
Giyorgis_LOD1
Giyorgis_LOD2
Giyorgis_LOD3
```

ከመላኩ በፊት ሁለት ነገር ይታያል። የአራቱም መነሻ ነጥብ በትክክል አንድ ቦታ መሆን አለበት፤ በ20 ሴንቲሜትር ቢለያዩ ተጫዋቹ ሲቀርብ ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ጎን ሲንሸራተት ያየዋል። የገጾቹ አቅጣጫም ይፈተሻል፤ ቺፑ ጀርባውን የሰጠ ሦስት ማዕዘን ስለማይስል፣ የተገለበጠ ግድግዳ ጌሙ ውስጥ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። በብሌንደር `Face Orientation` ሲበራ ትክክለኛው ገጽ ሰማያዊ፣ የተገለበጠው ቀይ ይሆናል። `Shift+N` አብዛኛውን ያስተካክላል።

ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው ቅጂዎቹ የሚቀያየሩባት ቅጽበት ናት። መስኮት ድንገት ጠፍጣፋ ሲሆን፣ ጠርዝ ድንገት ሲጠፋ ተጫዋቹ ይነቃል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የቅርጹ መቀነስ ሳይሆን የብርሃኑ መለወጥ ነው። `LOD2` ላይ የጠፋው አግድም ጠርዝ የሚጥለው ጥላ አብሮት ከጠፋ ግድግዳው በአንዴ ይነጣል። ስለዚህ ያ ጥላ ቀድሞ ቴክስቸሩ ላይ ይሳላል። የመቀያየሪያ ርቀቱ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚል ተጫዋችም ቅጂዎቹን እያፈራረቀ ያብለጨልጫል። ሞተሮቹ ሁለቱን ቅጂዎች ለአፍታ እያደባለቁ እንዲያሳልፉ ማድረግ ይቻላል፣ ግን በዚያች አፍታ ሁለቱም ስለሚሳሉ ወጪው ይደመራል፤ ብዙ ሕንፃ በአንድ ጊዜ በሚቀያየርበት ቦታ ይህ ራሱ ጌሙን ያንቀረፍፋል።

ሙከራው በኮምፒውተር ላይ ብቻ ካለቀ ያሳስታል። ዩኒቲ `lodBias` የሚባል ማባዣ አለው፤ የጥራት ደረጃው ከፍ ሲል ቅጂዎቹ ዘግይተው፣ ዝቅ ሲል ቀድመው እንዲቀያየሩ ያደርጋል። ኮምፒውተሩ ላይ 60 ሜትር ላይ የተቀየረው ሕንፃ ስልኩ ላይ 25 ሜትር ላይ ሊቀየር ይችላል፣ ያኔ መስኮቶቹ ተጫዋቹ ዓይን ሥር ይጠፋሉ። ትክክለኛው ፈተና በስልኩ ላይ ሦስት ጊዜ መሄድ ነው፦ አንዴ ሁሉም ነገር `LOD0` ላይ ተቆልፎ፣ አንዴ ሁሉም `LOD2` ላይ ተቆልፎ፣ አንዴ እንደተለመደው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መካከል የምስሉ ፍጥነት ካልተለወጠ ችግሩ ሦስት ማዕዘን አይደለም፤ ማቴሪያል፣ ጥላ ወይም ጭስ ጋ ነው የሚፈለገው።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ ድካም ጊዜው አልፏል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አንሪያል ኢንጂን 5 ናናይት የሚባል ዘዴ ይዞ መጥቷል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሦስት ማዕዘን ያለውን ሞዴል ራሱ በትናንሽ ክፍል እየከፋፈለ፣ ለየፒክስሉ የሚመጥነውን ብቻ ይስላል። የሌዘር ልኬቱን እንዳለ ማስገባት የሚቻልበት መንገድም በዚህ ተከፍቷል። ናናይት የታሰበው ግን ለአዳዲስ ኮምፒውተሮችና የጌም ማሽኖች ነው፣ ፋይሉም ከባድ ነው። መካከለኛ ስልክ ለያዘ ተጫዋች የሚሠራው ቤተ ጊዮርጊስ አሁንም በእጅ የሚቆጠረው ነው። ሜዳ ላይ ብቻ ለሚሄድ ተጫዋች ከሆነ `LOD1` ቀርቶ ሦስቱ ቅጂዎች በአንድ ላይ 3,006 ሦስት ማዕዘን ሆነው ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ግን ከሦስቱ አንዱ ብቻ ስለሆነ በጀቱ አልታለፈም።